ጥሬ ወተት ቤት ውስጥ ስናሞቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጥሬ ወተትን ፓስቸራይዝ ለማድረግ፣ ማለትም ሳናፈላ በሙቀት በሽታ አምጪ ጀርሞችን ለመግደል፣ ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። አንዱ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለ30 ደቂቃ ማቆየት ነው። ሌላው 72 ዲግሪ ላይ ለ15 ሰከንድ። ለቤት የምመርጠው የመጀመሪያውን ነው። 15 ሰከንዱ የተቀመረው ወተት በስሱ እየፈሰሰ ለሚሞቅበት ማሽን ነው። ድስት ውስጥ ግን ሁሉም ጠብታ እኩል መሞቁን በ15 ሰከንድ ማወቅ ይከብዳል።

ትልቁ ስህተት ድስቱ ከተጣደበት ሰዓት ጀምሮ መቁጠር ነው። ለምሳሌ ሦስት ሊትር ወተት 2፡00 ላይ ጣድን እንበል። 63 የደረሰው 2፡20 ላይ ከሆነ፣ ቆጠራው የሚጀምረው ያኔ ነው። የሚያበቃውም 2፡50 ላይ ነው። 2፡35 ላይ ወደ 61 ቢወርድስ? እሳቱን ጨምረን ወደ 63 እንመልሰዋለን፤ 30 ደቂቃውን ግን እንደ አዲስ እንጀምራለን። ያለፈውን 15 ደቂቃ መደመር አይቻልም። ለዚህ ነው 65 አካባቢ ይዞ መቆየት የሚሻለው፤ ትንሽ ቢዋዥቅም ከ63 በታች አይወርድም።

ቴርሞሜትሩ የድስቱን ታች ከነካ ያታልላል። ታችኛው ብረት ከወተቱ ይበልጥ ስለሚግል፣ 63 እያሳየ መሃሉ ገና 58 ሊሆን ይችላል። አማስሉና ጫፉን መሃል ላይ አድርጋችሁ ለኩ። ቴርሞሜትሩ ራሱ ልክ መሆኑን በደንብ በተፈጨ በረዶና በትንሽ ውሃ ፈትሹት፣ 0 ማሳየት አለበት። በሚፈላ ውሃ ስትፈትሹ ግን ተጠንቀቁ። ደጋ ላይ ውሃ ከ100 በታች ይፈላል፣ ስለዚህ 94 ቢል ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ብዙ ሰው የሚረሳው አረፋውን ነው። አረፋውና ድስቱ ግድግዳ ላይ የተረጨው ወተት ከታቹ ይቀዘቅዛሉ። እዚያ የተረፈ ጀርም በኋላ ወደ ወተቱ ይወርዳል። ፋብሪካዎች ከወተቱ በላይ ያለውን አየር ጭምር የሚያሞቁት ለዚህ ነው። እኛ ደግሞ ወተቱን ውሃ ባለበት ትልቅ ድስት ውስጥ እናስቀምጥ፤ የውጭው ውሃ ከወተቱ ከፍታ በለጥ ይበል። ክዳኑን እንግጠም፣ በየመሃሉ አረፋ ሳናስነሳ በቀስታ እናማስል። ጊዜው ከተጀመረ በኋላ ጥሬ ወተት መጨመር አይቻልም፤ ከተጨመረ ቆጠራው ከዜሮ ነው።

ወተቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ትቶ በራሱ እስኪበርድ መጠበቅም ሌላ ጥፋት ነው። ይህ ሙቀት ብሩሴላንና የቲቢን ጀርም ይገድላል፣ ስፖር የሚባል ሙቀት የሚቋቋም ቅርፊት የሚሠሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ግን አይገድልም። ወተቱ ለብ ብሎ ሲቆይ እነዚህ ይባዛሉ። ድስቱን በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ፣ እያማሰላችሁ ቶሎ አብርዱት፤ ከዚያ 4 ዲግሪ ወደሆነ ፍሪጅ አስገቡት። ጥሬው ወደነበረበት ዕቃ ሳይታጠብ መመለስ፣ ወይም ጥሬውን የነካ ጭልፋ እንደገና መንከር፣ የ30 ደቂቃውን ልፋት ገደል ይከተዋል።