«ስለ ዓድዋ መጽሐፍ የለም» ከማለትዎ በፊት፦ በቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ፍለጋ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንዲት የታሪክ ተማሪ ከጠረጴዛዬ ፊት ቆማ፣ «ጋሼ፣ ይህን ያህል ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ስለ ዓድዋ ያለው ይኸው ብቻ ነው?» አለችኝ። የያዘችው ወረቀት ላይ ጥቂት አርእስት ተጽፈዋል። ሁለቱ ደግሞ ከዓድዋ ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው የዐረብኛ መጻሕፍት ናቸው። ምን ብላ እንደፈለገች ጠየቅኋት። በካታሎጉ ባዶ ሳጥን ውስጥ Adwa ብላ ጽፋ ነበር፤ ሌላ ምንም አላደረገችም።

ይህ ፍለጋ የቁልፍ ቃል ፍለጋ ይባላል። ኮምፒውተሩ የተጻፈለትን ቃል በመጽሐፉ አርእስት፣ በደራሲው ስም፣ በአሳታሚው ስም፣ በማውጫውና በማስታወሻው ውስጥ እየዞረ ያነጻጽራል። ፊደሉ ከገጠመ ያመጣል፣ ካልገጠመ ይተዋል። ሁለተኛው መንገድ በርዕሰ ጉዳይ ስያሜ መፈለግ ነው። ስያሜውን የሚሰጠው ሰው ነው፤ ካታሎገሩ መጽሐፉን አገላብጦ ስለ ምን እንደሆነ ከወሰነ በኋላ፣ አስቀድሞ ከተዘጋጀ የስያሜዎች መዝገብ ውስጥ የሚስማማውን መርጦ ይለጥፍበታል። ከእነዚህ መዝገቦች በስፋት የሚሠራበት የአሜሪካው ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ1898 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያሳድገው የኖረው ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ናይሮቢ ውስጥ ቢሮ ስላለውና የኢትዮጵያን ኅትመቶችም ስለሚሰበስብ፣ አዲስ አበባ የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ ዋሽንግተን ሲደርስ ያንኑ የእንግሊዝኛ ስያሜ ይለብሳል።

ነገሩን በክርስትና ስም አስቡት። አንዱን ሰው እናቱ በአንድ ስም፣ ጎረቤቱ በሌላ፣ መሥሪያ ቤቱ በሦስተኛ ይጠራዋል፤ ቄሱ ግን ለጸሎት የሚያነሣው በክርስትና ስሙ ብቻ ነው። ስያሜውም ለመጽሐፉ ጉዳይ እንደዚያ ነው።

በአንድ አጻጻፍ መተማመን

የተማሪዋ የመጀመሪያ ስህተት ይህ ነበር፤ ከሁሉም የሚብሰውም እሱ ነው። ዓድዋን ጣሊያኖች Adua ብለው ይጽፋሉ። በድሮ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት Adowa እና Aduwa ይገኛል፤ ፈረንሳዮች Adoua ይላሉ። ካታሎጉ በቁልፍ ቃል ሲፈልግ የርዕሰ ጉዳይ ስያሜውንም የማያይ ከሆነ፣ ወይም መጽሐፉ ስያሜ ካልተሰጠው፣ Adwa ብቻ ያለ ሰው እነዚህን ሁሉ አያገኝም። ያጣው እንግዲህ የውጊያውን ተሸናፊዎች ጽሑፍ ከሞላ ጎደል በሙሉ ነው። ስለ ዓድዋ ጥናት የሚሠራ ሰው የጣሊያኖቹን ወገን ሳያይ ሲቀር፣ ጉድለቱ ከአንድ ፊደል መለየት የመጣ መሆኑን እንኳ አያውቅም፤ ምክንያቱም ካታሎጉ «ይህን አላመጣሁም» ብሎ አይነግረውም። ዝርዝሩ ባዶ ቢሆን ኖሮ ይጠረጥር ነበር። ጥቂት ነገር መምጣቱ ነው የሚያታልለው።

የዐረብኛዎቹስ መጻሕፍት ከየት መጡ? በዐረብኛ «ብርሃናት» ማለት አድዋእ ነው፤ በላቲን ፊደል ሲገለበጥ Aḍwāʼ ተብሎ ይጻፋል። ስለ አንድ ጉዳይ ማብራሪያ የሚሰጡ ብዙ የዐረብኛ መጻሕፍት አርእስታቸውን በዚህ ቃል ይጀምራሉ። የካታሎግ ሥርዓቶች በአብዛኛው ከፊደል በታችና በላይ ያሉትን ምልክቶች ቸል ስለሚሉ፣ ለኮምፒውተሩ ሁለቱ አንድ ቃል ናቸው። ስለዚህ ቁልፍ ቃል የሚፈለገውን እየጣለ የማይፈለገውን ያመጣል፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ።

በግዕዝ ፊደል መጻፍ ከዚህ ያድናል የሚል ካለ ይታገሥ። አድዋ፣ ዓድዋ፣ ዐድዋ፣ አንዳንዴም አደዋ ተብሎ ይጻፋል። ለእኛ ጆሮ አንድ የሆኑት አ እና ዐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒውተሩ ልዩ ልዩ ፊደሎች ናቸው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ሁለት የመጀመሪያ ፊደል ምርጫ፣ ሦስት የሁለተኛ ፊደል ምርጫ አለው ብንል ብቻ ስድስት መልክ ይወጣዋል። እነዚህን ፊደሎች እንዲያስተካክል ያልተሠራ ካታሎግ አንዱን ስድስተኛ ብቻ ይፈልግልዎታል። በውጭ አገር ካታሎጎች ደግሞ የአማርኛ መጽሐፍ መዝገብ ብዙ ጊዜ በላቲን ፊደል የተገለበጠ ብቻ ስለሆነ፣ በግዕዝ የጻፉት ጭራሽ ምንም ላያመጣ ይችላል።

ስያሜውን ከራስ ገምቶ መጻፍ

ይህን ሁሉ ስነግራት ተማሪዋ ወዲያው ወደ ርዕሰ ጉዳይ ፍለጋ ሄደችና Battle of Adwa ብላ ጻፈች። ምንም አልመጣም። ስያሜው እንዲህ ነው፦

```
Adwa, Battle of, Adwa, Ethiopia, 1896
```

በርዕሰ ጉዳይ ዝርዝር ውስጥ በተራ ሲፈለግ ሥርዓቱ የሚያየው ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ነው፤ Battle ብሎ የጀመረ ሰው በ B ረድፍ ውስጥ ይንከራተታል። ዓመቱም ያሳስታል። በእኛ አቆጣጠር ውጊያው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ በአርእስቱ 1888 ሊል ይችላል፤ ስያሜው ግን የሚያውቀው 1896ን ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ማንም ሰው በቃሉ አያጠናም፣ ማጥናትም አያስፈልግም። የሚያዋጣው መንገድ ከቁልፍ ቃል ተነሥቶ ወደ ስያሜው መድረስ ነው። Adwa battle ብለው በቁልፍ ቃል ይፈልጉ። ከመጡት ውስጥ ያለ ጥርጥር ስለ ውጊያው የሆነ አንድ መጽሐፍ ይምረጡ፤ አንድ ይበቃል። ሙሉ መዝገቡን ይክፈቱና Subject ወይም Subjects ከሚለው ፊት ለፊት የተጻፈውን ይመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ ሊጫኑት የሚችሉት ማያያዣ ነው። ሲጫኑት ያንን ስያሜ የተሸከሙት መጻሕፍት ሁሉ ይሰለፋሉ፤ Adua የሚለው የጣሊያንኛው፣ Adoua የሚለው የፈረንሳይኛው፣ በተገለበጠ አማርኛ የተመዘገበውም። ተማሪዋ ይህን ስታይ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

በዚያው መዝገብ ላይ ሁለተኛ ስያሜ ሊኖር ይችላል፦

```
Italo-Ethiopian War, 1895-1896
```

ይህ ሰፋ ያለው ነው፤ አምባላጌንና መቀሌን ጨምሮ ጦርነቱን በሙሉ ይይዛል። በዝርዝሩ ውስጥ ከአጠገቡ የሚቆመው ግን የ1935-1936 ጦርነት ስለሆነ፣ ዓመቱን ሳያዩ የተጫኑት እንደሆነ አርባ ዓመት ዘለው ማይጨው ይደርሳሉ። ከስያሜው ቀጥሎ በሁለት ሰረዝ የሚመጣውንም ጭራ አይናቁት። ለምሳሌ፦

```
Italo-Ethiopian War, 1895-1896--Personal narratives, Italian
```

ይህ በጦርነቱ የነበሩ ጣሊያኖች ስለ ራሳቸው የጻፉትን ይለይልዎታል። ተማርኮ አዲስ አበባ ድረስ የተወሰደ ወታደር ትዝታውን ሲጽፍ «የዐይን ምስክር ነኝ» ብሎ አርእስት ላይ ላያስቀምጥ ይችላል፤ በቁልፍ ቃል እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ለማግኘት ዕድል ያስፈልጋል።

የሰዎችም ስም እንዲሁ ነው። Menelik፣ Menilek፣ Ménélik እየተባሉ የሚጻፉት ንጉሠ ነገሥት በካታሎጉ ውስጥ አንድ መዝገባዊ ስም አላቸው። ስያሜዎቹንም ስሞቹንም id.loc.gov በሚባለው ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ማየት ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ ስያሜ ወደ እሱ የሚመሩ ሌሎች አጠራሮች፣ ከእሱ የሚሰፋና የሚጠብ ስያሜ ካለም አብረው ተዘርዝረዋል።

በጠባቡ ስያሜ መቆም

ካታሎገር ስያሜ የሚሰጠው ለመጽሐፉ በሚስማማው ልክ ነው። በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ደንብ አንድ ጉዳይ ስያሜ የሚያገኘው በጥቅሉ ከመጽሐፉ ቢያንስ አምስተኛ እጅ፣ ማለትም 20 በመቶ ያህሉን ሲይዝ ነው። እንግዲህ ባለ 400 ገጽ የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ ለዓድዋ አርባ ገጽ ቢሰጥ፣ ያ አርባ ገጽ በጉዳዩ ላይ ከተጻፈው ሁሉ የተሻለ ቢሆን እንኳ የዓድዋን ስያሜ አያገኝም። መጽሐፉ ያለው እዚህ ነው፦

```
Ethiopia--History--1889-1974
```

ከምኒልክ መንገሥ እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መውረድ ያለው ዘመን በአንድ ከረጢት ውስጥ ነው። ከረጢቱ ሰፊ ነው፤ አድካሚም ነው። እዚህ ላይ ቁልፍ ቃል መልሶ ይጠቅማል፦ ይህን ስያሜ ይዘው በውስጡ Adwa ወይም Adowa የሚለውን ቃል ሲፈልጉ፣ የምዕራፎቹ አርእስት በመዝገቡ ማውጫ ውስጥ የተጻፈለት መጽሐፍ ብቅ ይላል። ማውጫው ያልተመዘገበለትን ከመደርደሪያ አውርዶ መግለጥ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ስያሜው አይሳሳትም ማለት

እኔ የስያሜ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም አላመልከውም። መዝገቡን የሚያዘጋጁት ሰዎች ናቸው፤ ከዘመናቸው ቋንቋና ከአመለካከታቸው አያመልጡም። ስለ ቤተ እስራኤል የተጻፉ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ Falashas በሚል ስያሜ ሥር ነበሩ፤ ማኅበረሰቡ ግን ቃሉን እንደ ስድብ ነው የሚያየው። ዛሬ ስያሜው Jews, Ethiopian ሆኗል። ለውጡ ያልደረሰበት ካታሎግ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም መሞከር አለበት፤ አለዚያ መጻሕፍቱ ለሁለት ተከፍለው ግማሹን ብቻ ያያል። የምግብ አሠራር መጻሕፍትም እንዲሁ እስከ 2010 እ.ኤ.አ. Cookery, Ethiopian ነበሩ፤ አሁን Cooking, Ethiopian ናቸው። ይህኛው ማንንም ባያስቀይምም ፈላጊን ያንከራትታል።

አዲስ ነገር ሲመጣም ስያሜው ይዘገያል። አንድ ቃል በጋዜጣ ከተለመደ በኋላ ወደ መዝገቡ እስኪገባ ጊዜ ይወስዳል፤ እስከዚያ ካታሎገሩ ቅርብ የሆነውን ሰፊ ስያሜ ይለጥፋል። በዚያ ወቅት ያለዎት ቁልፍ ቃል ብቻ ነው። ስያሜ ጨርሶ ያልተሰጣቸው መዝገቦችም አሉ፤ በጥድፊያ የተመዘገቡ፣ በስጦታ የመጡ፣ ተራ የሚጠብቁ። እነዚህን በስያሜ ብቻ የሚፈልግ ሰው መቼም አያገኛቸውም።

ተማሪዋ ሁለቱን የጦርነት ስያሜዎችና የ1889-1974ቱን በወረቀቷ ጀርባ ገለበጠች። በሥሩ Adua፣ Adowa፣ Aduwa፣ Adoua ብላ ጻፈች፤ ስያሜ ላልተሰጣቸው መዝገቦች በቁልፍ ቃል አንድ በአንድ ልትሞክራቸው ነው። ሁለቱን የዐረብኛ መጻሕፍት ሰረዘቻቸው።