አዲስ አበባ ላይ ራይድ ስትጠሩ በሂሳብ እንዳትጨቃጨቁ

ከሐዋሳ ወይም ከባሕር ዳር ለሥራ የመጣ ሰው፣ ከውጭም ለዘመድ ጥየቃ የገባ፣ አዲስ አበባን በደንብ ሳያውቃት ራይድ ይጠራል። መጨረሻ ላይ «ስጠራ 400 ነበር ያለኝ፣ አሁን ለምን 500 ሆነ?» የሚል ክርክር ይነሳል። ብዙ ጊዜ ሹፌሩ አላጭበረበረም። መጀመሪያ የታየው ግምት ነው፣ መጨረሻ ላይ የመጣው ደግሞ የተሄደበት ሂሳብ ነው። የሚያጭበረብርም አለ። ሁለቱን መለየት የሚቻለው ሂሳቡ ከምን ከምን እንደሚደመር ለሚያውቅ ሰው ነው።

ከመጥራታችሁ በፊት

የኢትዮጵያ ሲም ካርድ ያስፈልጋችኋል። አዲስ አበባ ላይ ሹፌሩ ካርታው ላይ ቦታችሁን የሚያሳየውን ምልክት፣ ፒኑን፣ ብቻ አይቶ አይመጣም፣ ይደውላል። ስልካችሁ የውጭ ከሆነ ላይደውል ይችላል፣ ጥሪውም ይሰረዛል። ኢንተርኔት ከሌላችሁ ራይድን በ8294፣ ፈረስ የሚባለውን ሌላ የታክሲ አፕ ደግሞ በ6090 ደውላችሁ መጥራት ትችላላችሁ።

ከአንድ በላይ አፕ ጫኑ። ያንኑ መነሻና መድረሻ በሁለቱም አስገቡና ዋጋውን አስተያዩ። ዋናው ግን ቁጥሩን ብቻ አይቶ አለማለፍ ነው። የታየው ዋጋ የተቆረጠ ነው ወይስ ግምት? የተቆረጠ ከሆነ መንገዱን እስካልቀየራችሁ ድረስ ያንኑ ትከፍላላችሁ። ግምት ከሆነ ግን ሂሳቡ መነሻ፣ ኪሎ ሜትር እና ደቂቃ ተደምሮ ነው የሚወጣው። ታሪፉን አፑ ውስጥ ፈልጉ፣ ካጣችሁት ደውላችሁ ጠይቁ። ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ስለሚለዋወጥ ዘመድ ዓምና የነገራችሁን ዋጋ ይዛችሁ አትከራከሩ።

የመንገዱን የትኛው ወገን ላይ ናችሁ?

እንግዳ ሰው ብዙ ብር የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። የቀለበት መንገዱና ሌሎች ሰፋፊ መንገዶች መሀላቸው የተከፈለ ነው። ሹፌሩ እንደልቡ ዞሮ መመለስ አይችልም። ከምትሄዱበት አቅጣጫ ተቃራኒ ቆማችሁ ከጠራችሁ፣ ከተሳፈራችሁ በኋላ መዞሪያው ድረስ ሄዶ ይመለሳል። ያ ሁሉ ኪሎ ሜትር የሚቆጠረው በእናንተ ላይ ነው። እንግዳው ግን «ሆን ብሎ አዞረኝ» ብሎ ያስባል።

ስለዚህ መጀመሪያ በእግረኛ ድልድይ ወይም በማቋረጫ እናንተ ወደምትሄዱበት አቅጣጫ ወደሚሄዱት መኪኖች ወገን ተሻገሩ። ከዚያ ራይዱን ጥሩ። ፒኑንም ጂፒኤሱ ባስቀመጠበት አትተዉት፣ ትልልቅ ሕንፃዎች መሀል ሲሆን ይስታል። በጣታችሁ ጎትታችሁ በትክክል የቆማችሁበት ላይ አድርጉት። ሹፌሩ ሲደውል የመንገድ ስም ከመፈለግ የሚታወቅ ቦታ ንገሩት፦ የባንኩን ቅርንጫፍ፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ ሆቴሉን። አካባቢውን ጨርሶ ካላወቃችሁት ስልኩን ለአንድ ባለሱቅ ወይም ለጥበቃ ስጡ፣ በግማሽ ደቂቃ ያግባቡታል።

ሹፌሩ ሲደውል

«ወዴት ነው?» ይላችኋል። መድረሻውን ንገሩትና እናንተም እዚያው ጠይቁት፦ «በአፑ ሂሳብ ነው አይደል? በቴሌብር መክፈል ይቻላል?» ሁለቱም መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ የሚያጨቃጭቁ ነገሮች ናቸው።

«አፑን ልዝጋውና በ600 ልውሰድህ» ካላችሁ እሺ አትበሉ። ዋጋው ቢረክስ እንኳ ጉዞው የትም አይመዘገብም። ቦርሳ ብትረሱ፣ መሀል መንገድ ላይ ዋጋ ቢጨምርባችሁ የምትደውሉበት ድርጅት ስለ ጉዞው የሚያውቀው ነገር አይኖርም። በትሕትና «አይ ወንድሜ፣ በአፑ ካልሆነ ይሰረዝ» በሉት። እሱ እንዲሰርዘው ጠይቁ። እናንተ የምትሰርዙ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱን በትክክል ምረጡ።

ቦሌ አየር ማረፊያ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። መኪናዎቹ የሚጠብቁት ማቆሚያው ውስጥ ነው። የማቆሚያውን ክፍያ ማን እንደሚችል በስልክ ተስማሙ፣ አፑ ላይ የሚታየው ዋጋ ውስጥ ላይኖር ይችላል።

ስትገቡ

ታርጋውን አፑ ወይም አጭር መልእክቱ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። ከዚያ የሹፌሩን ስልክ ተመልከቱ። ጉዞው አሁን መጀመር አለበት፣ ቆጣሪው ላይም ከመነሻ ሂሳቡ ብዙም ያልራቀ ቁጥር መታየት አለበት። ከፍ ብሎ ከጀመረ ወይ እናንተን ሲጠብቅ ቆጥሯል ወይ የቀደመው ተሳፋሪ ጉዞ አልተዘጋም። ይህን ያኔውኑ ብትጠይቁ በሁለት ቃል ያልቃል። ከወረዳችሁ በኋላ ግን ማስረዳት አይቻልም። እናንተ ስልክ ላይ ያለውን ግምትም ስክሪንሾት አንሱት።

ሂሳቡ ሲበልጥ እንዴት ይታያል?

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው እንጂ የማንም ድርጅት ታሪፍ አይደሉም። መነሻው 150 ብር፣ ኪሎ ሜትሩ 20 ብር፣ ደቂቃው 3 ብር ይሁን። አፑ 9 ኪሎ ሜትርና 25 ደቂቃ ገምቷል። 150 ሲደመር 180 ሲደመር 75፣ 405 ብር ይሆናል። ስትደርሱ 515 አለ።

የጉዞውን ዝርዝር ክፈቱ። 11 ተኩል ኪሎ ሜትርና 45 ደቂቃ ይላል። ከተጨመረው 110 ብር ውስጥ 60ው የ20 ደቂቃ መዘግየት ነው። መገናኛ አካባቢ ማታ 12 ሰዓት ላይ ለቆመ ሰው ይህ አያስገርምም፣ ሹፌሩም ላይ የሚያስወቅስ የለም። የቀረው 50 ብር የሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው። መንገድ ተዘግቶ ነበር? መዞሪያው ሩቅ ነበር? ወይስ ያለምክንያት ዞሯል? ካርታው ላይ የሄዳችሁበት መስመር ካለ መልሱን ያሳያችኋል። መንገድ ላይ «አንዴ ቁምልኝ፣ ፋርማሲ ልግባ» ብላችሁ ከነበረም ያ ደቂቃ ውስጡ አለ።

ስትወርዱ

ሹፌሩ ጉዞውን ሳይዘጋ ገንዘብ አትቁጠሩ። ሲዘጋው የሚመጣውን ቁጥር በእሱም በእናንተም ስልክ አንብቡ። በጥሬ ከሆነ ዝርዝር ያዙ፣ «መልስ የለኝም» የሚለው ችግር እውነተኛ ነው። በቴሌብር ከሆነ ቁጥሩን አስገብታችሁ የሚመጣውን ስም ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፣ «አዎ እኔ ነኝ» ሲል ላኩ። የማረጋገጫው መልእክት እስኪደርሰው ሳትወርዱ ጠብቁ።

ሹፌሩ አፑ ካሳየው በላይ ከጠየቃችሁ የታየውን ብቻ ክፈሉ። የታየው ራሱ በዝቷል ካላችሁ ግን መኪና ውስጥ አትጣሉ። ከፍላችሁ፣ ስክሪኑን ፎቶ አንስታችሁ ውረዱና ለድርጅቱ ደውሉ። ታርጋውን፣ የተነሳችሁበትንና የወረዳችሁበትን ቦታ፣ የገመተውንና ያስከፈላችሁን ብር ንገሯቸው። ሰዓቱን ስትናገሩ በሀገር ቤት አቆጣጠር ይሁን በውጭ ግልጽ አድርጉ፤ አፑ ላይ 9:00 ያለው ጠዋት 3 ሰዓት ሊሆን ስለሚችል ሌላ ጉዞ ይፈልጉላችኋል።