ስልክዎ ወይም ሃርድ ዲስክዎ ስንት ሰዓት ቪዲዮ እንደሚይዝ እንዴት ይሰላል?

ሁለት ስልኮች በተመሳሳይ 1080p ጥራት ቢቀርጹም አንዱ በደቂቃ 60 ሜጋባይት፣ ሌላው 130 ሜጋባይት ሊፈጅ ይችላል። ቦታውን የሚወስነው በየሰከንዱ የሚመዘገበው የዳታ መጠን፣ ማለትም ቢትሬቱ ነው፤ ይህም ከጥራቱ በተጨማሪ በሰከንድ በሚቀረጹት ምስሎች ብዛትና ስልኩ ቪዲዮውን በሚያምቅበት ስልት (H.264 ወይም HEVC) ይለያያል። ስለዚህ ጥራትን ብቻ የሚጠቅስ ሰንጠረዥ ከማመን በራስ ስልክ መለካት ይሻላል።

በመጀመሪያ በካሜራው ሴቲንግ የሚፈልጉትን ጥራት መርጠው አንድ ደቂቃ ይቅረጹና የፋይሉን መጠን ይመልከቱ። በርካታ ስልኮች የማይንቀሳቀስ ነገር ሲቀርጹ ቢትሬቱን ስለሚቀንሱ ግድግዳ ቀርጾ መለካት አሳሳች ነው፤ በኋላ ሊቀርጹት ያሰቡትን ዓይነት እንቅስቃሴ ይምረጡ።

ቀጥሎ በስልኩ የማከማቻ ገጽ ላይ ያለውን ክፍት ቦታ ያንብቡ። በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መጠን አይውሰዱ፤ ከዚያ ላይ ሲስተሙና መተግበሪያዎቹ ድርሻቸውን ወስደዋል። ለምሳሌ ባለ 128 ጊጋባይት ስልክ 70 ጊጋባይት ክፍት ቢኖረውና ስልኩ እንዳይጨናነቅ 10ሩን ብንተው፣ 60 ጊጋባይት ወይም 60,000 ሜጋባይት ይቀረናል። የ1080p ሙከራችን 130 ሜጋባይት ከሆነ 60,000ን ለ130 ስናካፍል 461 ደቂቃ፣ ማለትም 7 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ እናገኛለን። የ4K ሙከራው 350 ሜጋባይት ከሆነ ግን 171 ደቂቃ፣ ከ3 ሰዓት ያነሰ ጊዜ ብቻ ይሆናል።

በውጫዊ ዲስክ ላይ ለሚቀመጥ ዝግጁ ቪዲዮ ደግሞ ቢትሬቱ ከፋይሉ ዝርዝር መረጃ ስለሚነበብ መቅረጽ አያስፈልግም። ቢትሬት የሚለካው በሰከንድ ሜጋቢት፣ ማለትም በMbps ሲሆን 8 ቢት አንድ ባይት ነው፤ ይህን ዘንግቶ በቀጥታ ማካፈል ውጤቱን በ8 እጥፍ ያዛባል። ሂሳቡ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦

```
ጊጋባይት በሰዓት = Mbps × 0.45
```

በ8 Mbps አንድ ሰዓት 3.6 ጊጋባይት ስለሚሆን ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ 277 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ በ50 Mbps ግን 44 ሰዓት ብቻ። ዊንዶውስ ይህንኑ ዲስክ 931 ጊጋባይት ብሎ ቢያሳይ የጎደለ ነገር የለም፤ ዊንዶውስ በ1024፣ አምራቹ ደግሞ በ1000 ስለሚቆጥሩ ነው። ለዚህ ቀመር የአምራቹን ቁጥር ይጠቀሙ።

ሂሳቡ ትክክል ሆኖ ዲስኩም ባዶ እያለ አንድ ረጅም ቪዲዮ አልገለበጥ ካለ፣ ዲስኩ በFAT32 ፎርማት የተደረገ መሆኑን ያረጋግጡ። FAT32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ከላይ ባየነው 4K ደግሞ ይህ 12 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። exFAT ይህን ችግር ያስወግዳል፤ ነገር ግን ፎርማት ማድረግ በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ አስቀድመው ፋይሎቹን ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ።