የስፌት መኪና ልከራይ ወይስ ልግዛ?

ለመግዛትና ለመከራየት ለምታመነቱ ልብስ ሰፊዎች፦ ብዙ ሰው የመግዣውን ዋጋ ለወር ኪራይ ያካፍልና ይተወዋል። ኪራዩ በወር 1,500፣ መኪናዋ 24,000 ብር ብትሆን 16 ወር ይመጣል፤ "ኧረ ሩቅ ነው" ብሎ ኪራይ ላይ ይቀራል።

ግን የገዛችኋትን መኪና ነገ መልሳችሁ ትሸጧታላችሁ፣ የኪራይ ብር ሄደ ሄደ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያገለገለች ተመሳሳይ መኪና ስንት እንደምትሸጥ ጠይቁ። 15,000 ታወጣለች እንበል፤ የእውነት የሚወጣባችሁ 9,000 ብቻ ነው ማለት ነው። ከኪራዩ ላይ ደግሞ ጥገናውን ቀንሱ፣ ምክንያቱም ስትከራዩ ባለቤቱ የሚያሠራውን ስትገዙ የምታሠሩት እናንተ ናችሁ (መርፌና ዘይት በሁለቱም የእናንተው ነው፣ አትቁጠሩት)። ለጥገና በወር 300 ብትይዙ 1,200 ይቀራል። 9,000 ለ1,200 ሲካፈል 7 ወር ተኩል። ከዚያ በላይ የምትሠሩባት ከሆነ ግዙ። ውላችሁ ጥገናውን በተከራዩ ላይ ከጣለው ግን 300ውን አትቀንሱ፣ 6 ወር ይሆናል።

የሚቆጠረው ታዲያ ሥራ ያለበት ወር ብቻ ነው። ሁለተኛ መኪና ለዩኒፎርም ሰሞንና ለበዓል ብቻ፣ በዓመት 3 ወር ያህል የምትፈልጉ ከሆነ የሁለት ዓመት ኪራዩ ራሱ 9,000 ነው፤ ተከራዩ። ብሩን የምትበደሩ ከሆነ ደግሞ ወለዱን 9,000ው ላይ ደምራችሁ እንደገና አስሉት። የጨርቅና የክር መግዣችሁን ጠራርጎ የሚወስድ ከሆነም ለጊዜው ኪራዩ ይሻላል።