ከሰንጠረዥ ያወጣሁት አማካይ ለምን ከፍ አለ?

የ40 የስልክ ጥሪዎችን ርዝመት በደቂቃ መድቤ ነበር፦ ከ0 እስከ 10 ያሉት 24፣ ከ10 እስከ 20 ያሉት 10፣ ከ20 እስከ 30 ያሉት 4፣ ከ30 እስከ 40 ያሉት 2። የየምድቡን መካከለኛ ነጥብ (5፣ 15፣ 25፣ 35) በድግግሞሹ አባዝቼ ስደምር 440 መጣ፤ ለ40 ሲካፈል 11 ደቂቃ። ጥሬ መረጃውን ስደምር ግን 368፣ አማካዩም 9.2 ሆነ።

መጀመሪያ የድምር ስህተት መስሎኝ ሁለቴ ደገምኩት። ስህተቱ እዚያ አልነበረም። መካከለኛ ነጥብ የሚሠራው በምድቡ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች በአማካይ መሃል ላይ ከዋሉ ነው። በመጀመሪያው ምድብ ግን አብዛኞቹ ጥሪዎች ከሁለት ደቂቃ አያልፉም፤ የ24ቱ እውነተኛ ድምር 60 ሲሆን እኔ 120 ቆጥሬላቸዋለሁ። ከተረፈው 72 ደቂቃ ውስጥ 60ው ከዚህ አንድ ምድብ መጣ ማለት ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ተደምረው 12 ብቻ ነው ያሳሳቱት።

ስለዚህ ሁሉንም ምድብ ከማጥበብ ይልቅ የመጀመሪያውን ብቻ ለሁለት ከፈልኩት፦ ከ0 እስከ 5 ያሉት 20፣ ከ5 እስከ 10 ያሉት 4። በ2.5 እና በ7.5 ሲሰላ የምድቡ ድምር ከ120 ወደ 80 ወረደ፣ አማካዩም 10 ሆነ። አሁንም 0.8 ይበልጣል፤ አጫጭር ጥሪዎቹ ከ2.5ም በታች ተከማችተዋልና።

ጥሬ መረጃው ባይኖረኝ ኖሮስ? የምድብ ስፋት 10 ከሆነ ስህተቱ ከግማሹ፣ ከ5 ደቂቃ፣ አይበልጥም። 11ን ስጽፍ አጠገቡ «በግምት» ማለት ነበረብኝ።