ስጦታው ሳያስቀይም እንዲቀየር፦ ከደሴ ጫማ ገዝቶ ለዘመድ ለሚወስድ ሰው

ለአረፋ ወደ ቤተሰብ የሚሄድ ሰው ደሴ ላይ ጫማ ይገዛና ሐይቅ ወይም ውጫሌ ላለች አክስቱ ይወስዳል። ጫማው በአንድ ቁጥር ቢጠባት አክስት አትናገርም። መርቃ ትቀበላለች፣ ሳጥኗ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፣ ከዓመት በኋላ እግሩ ላነሰ ሰው ትሰጠዋለች። ስጦታን መመለስ ሰጪውን ራሱን እንደመመለስ ስለሚቆጠር፣ «ቢቀየርልኝ» የሚለው ቃል ከተቀባይ አፍ አይወጣም። ስለዚህ መቀየሪያው ጫማው ከሱቅ ሳይወጣ መዘጋጀት አለበት፣ ፈቃዱም ከሰጪው በኩል ቀድሞ መምጣት አለበት።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት

ብዙ ሱቅ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ አለ። ይህን አይተው ተስፋ አይቁረጡ፤ ባለሱቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው ገንዘብ መመለስን ነው። በማሽን የተቆረጠ ሽያጭ ሲፈርስ የሂሳብ ጣጣ አለው፣ ገንዘቡም ወዲያው ሌላ ዕቃ ተገዝቶበት ሊሆን ይችላል። ጫማን በጫማ መቀየር ግን ለእሱም ቀላል ነው። ስለዚህ «ይመለሳል?» ብለው አይጠይቁ። «ስጦታ ነው፣ ቁጥሩ ካልሆነላት ወይም ቀለሙን ካልወደደችው በሌላ ይቀየርልኛል?» ይበሉ።

ሻጩ «አብሽር፣ ትምጣና ትቀይራለች» ካለ ጥሩ ነው፣ ግን በቃል ብቻ አይተውት። አክስት በምትመጣበት ቀን ሱቁ ውስጥ የሚገኘው ወንድሙ ወይም ሌላ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ስለ ስምምነቱ የሚያውቀው ነገር የለም። በዚያ ሰዓት ባዕድ ፊት ቆማ መከራከር ለእሷ ትልቅ ሐፍረት ነው፤ ሁለተኛ አትሄድም።

ሻጩ ጨርሶ አይቀየርም ካለ ልኬት ያለው ዕቃ ከዚያ ሱቅ አይግዙ። ወይ ሌላ ሱቅ ይሂዱ፣ ወይ ቁጥር የማይጠይቅ ነገር፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ፣ ይምረጡ።

ዋጋ የሌለው ወረቀት

የካሽ ሬጅስተር ደረሰኙ ዋጋውን ከነቫቱ ይዟል፤ እሱን ከስጦታ ጋር መስጠት ሒሳብ እንደማሳየት ነው። ዋጋ የማያሳይ የስጦታ ደረሰኝ የሚቆርጥ ሱቅ ደግሞ እምብዛም አይገኝም። መፍትሔው በእጅ የሚጻፍ አጭር ወረቀት ነው። የሱቁ ቢዝነስ ካርድ ጀርባ ይበቃል፣ ስልኩና አድራሻው ታትሞበት ስለሚገኝ እንዲያውም ይሻላል። ሻጩ እንዲህ ብሎ ይጻፍበት፦

«የሴት ቆዳ ጫማ፣ ጥቁር፣ ቁጥር 38፣ አንድ ጥንድ። ውጭ ካልተደረገ እስከ 15 ቀን በቁጥርም በዓይነትም ይቀየራል።»

ከዚህ ሥር የተገዛበት ቀን፣ የደረሰኙ ቁጥር፣ የሻጩ ስምና ፊርማ ይግባ። ማህተም ካለ ይመታበት። የደረሰኙ ቁጥር የሚያስፈልገው ሱቁ የራሱን ቅጂ ፈልጎ ዕቃው ከእሱ መሸጡን እንዲያረጋግጥ ነው። «በዓይነትም» የሚለው ቃል እንዳይቀር፤ «በቁጥር ይቀየራል» ብቻ ከተባለ ቅርጹን ያልወደደች ሴት ምንም አላገኘችም።

15 ቀን የተባለው በምክንያት ነው። አረፋ ሐሙስ ይውላል፣ እርስዎ ደግሞ በዚያው ሳምንት ሰኞ ገዙ እንበል። ሐሙስ በዓል ነው፣ ዓርብና ቅዳሜ እንግዳ አለ። የገጠር ሰው ደሴ የሚወጣው በአብዛኛው ሰኞ፣ በገበያ ቀን ነው። የመጀመሪያው ሰኞ ከግዢው ሰባተኛ ቀን ላይ ይውላል፤ የአንድ ሳምንት ጊዜ ቢሰጥ በዚያ ቀን ያልተመቻት ሴት ዕድሉ አለፋት። 15 ቀን ከሆነ ሁለት ሰኞ ታገኛለች።

ቀጥሎ የዋጋ ልዩነት አለ። በዓይነት ስትቀይር የመረጠችው ጫማ ቢወደድ ሻጩ «ይህን ያህል ጨምሪ» ይላታል፤ ያኔ የመጀመሪያውን ዋጋ ታውቀዋለች፣ ከኪሷም ታወጣለች። ይህን ለመዝጋት ስልክዎን ለሻጩ ይስጡና «ዋጋ እንዳትነግራት፣ ልዩነት ካለ ለእኔ ደውል፣ በቴሌብር እልክልሃለሁ» ይበሉት። የመረጠችው ቢረክስ ምን እንደሚሆንም አሁኑኑ ይስማሙ፤ ብዙ ሱቅ መልስ ስለማይሰጥ ካልሲ ወይም ሻርፕ እንዲጨምርላት ማድረግ ይቻላል።

ዋናው ደረሰኝ እርስዎ ጋር ይቆይ። ወረቀቱ በሙቀት የሚጻፍ ስለሆነ ፀሐይ ላይ መኪና ውስጥ ከተተወ ይጠቁራል፣ ፕላስተር ከተለጠፈበት ጽሑፉ ሊጠፋ ይችላል። በዚያው ቀን ፎቶ ያንሱትና በወረቀት ፖስታ ውስጥ ያኑሩት።

ማሸግ

ዋጋ የተጻፈበትን ምልክት ያንሱ፤ የጫማውን ሶል፣ የካርቶኑን ጎንና የክዳኑን ውስጥ ሁሉ ይፈትሹ። እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት ዋጋውን ለማጥፋት ሲባል ቁጥሩና የሞዴሉ መለያ ያለበትን ወረቀት አብሮ መቅደድ ነው። ሁለቱ አንድ ወረቀት ላይ ከሆኑ ዋጋውን ብቻ በትንሽ ነጭ ወረቀት ይሸፍኑ። የስጦታ ወረቀቱንም በቀጥታ ካርቶኑ ላይ በፕላስተር አይለጥፉ፤ ሲከፈት ካርቶኑ ይቀደዳል፣ የተቀደደ ካርቶን ይዞ የመጣን ጫማ ደግሞ ሻጩ እንደ አዲስ መልሶ ሊሸጠው ስለማይችል ያንገራግራል። የመቀየሪያውን ካርድ ከጫማው ሥር፣ በውስጠኛው ስስ ወረቀት መካከል ያድርጉት። ከላይ ከሆነ ስጦታው ሲከፈት ቀድሞ የሚታየው እሱ ይሆናል።

ሲሰጡ ምን ይባላል

ጥፋቱን በቁጥሩ ላይ ያድርጉ። «አክስቴ፣ ቁጥሩን በግምት ነው የወሰድኩት። ከጠበበዎት ወይም ሌላ ቀለም ካማረዎት፣ ሻጩ እስከ ሁለተኛው ሰኞ ይቀይራል፣ ተነጋግረናል።» ይህን አንዴ፣ ሰው ሳይበዛ ይናገሩ። በእንግዳ ፊት ከተባለ እሷም በእንግዳ ፊት «ኧረ ልክ ነው!» ማለቷ አይቀርም፣ ከዚያ በኋላ ቃሏን ማጠፍ ይከብዳታል።

ወደ ደሴ የሚመላለሰው ልጇ ከሆነ ለብቻው ይንገሩት፤ ካርዱ የት እንዳለ፣ ሱቁ የት እንደሆነ፣ ማንን እንደሚጠይቅ። ጫማው መጀመሪያ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ እንዲለካ ያሳስቡት፤ ሶሉ አንዴ አፈር ከነካ ሻጩ አይቀበለውም። በተቻለ ከሰዓት በኋላ ይለካ፤ እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆም ያብጣልና ጠዋት ልክ የነበረ ጫማ ማታ ይጠብባል።

ከዚያ ወዲያ «ጫማውን ለምን አላደረግሽውም?» ብሎ መጠየቅ የለም። ቀይራው ሌላ ጫማ አድርጋ ቢያገኟት ስለ መጀመሪያው አያንሱ፤ «ያምርብዎታል» ይበሉ።