የትውልድ ሰዓቱ «ሌሊት፣ ዶሮ ሲጮህ» ከሆነ ወጪ ኮከብን እንዴት እናሰላለን?

በስም የሚቆጠረው ኮከብ የትውልድ ሰዓት አይጠይቅም። የልጁና የእናቱ ስም ፊደል ይቆጠርና በ12 ይገደፋል፤ የቀረው ቁጥር ኮከቡን ይናገራል። ልጁ በቀትር ይወለድ በእኩለ ሌሊት ለውጥ የለውም። እዚህ የማሳያችሁ ግን ሌላውን ስሌት ነው፤ ሰው በተወለደበት ቅጽበት ከአሥራ ሁለቱ የኮከብ ምልክቶች በምሥራቅ አድማስ ብቅ ይል የነበረውን የሚፈልገውን። በኮከብ ቆጠራ ፕሮግራሞች ላይ «አሴንዳንት» ይሉታል፤ እኔ ወጪ ኮከብ እለዋለሁ። እንደ ሀብትና ትዳር ያሉት የሕይወት ዘርፎች የሚነበቡባቸው አሥራ ሁለቱ ቤቶች የሚቆጠሩት ከእሱ ተነስቶ ስለሆነ እሱ ከተሳሳተ ቤቶቹ ሁሉ ይሳሳታሉ።

ምድር በቀን አንድ ጊዜ ስለምትዞር አሥራ ሁለቱም ምልክቶች በአንድ ቀን ውስጥ ተራ በተራ ይወጣሉ። በጎጃም ኬክሮስ ፈጣኖቹ ሐመልና ሑት ወጥተው ለመጨረስ 1 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ገደማ ይበቃቸዋል፤ ዘገምተኞቹ ሸርጣንና ቀውስ ደግሞ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ያህል ይወስዳሉ። እያንዳንዱ ምልክት 30 ዲግሪ ስለሆነ በደምሳሳው አንድ ዲግሪ በ4 ደቂቃ ማለት ነው። ለአውሮፓ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ ለእኛ አይሆንም፤ እዚያ የምልክቶቹ ፍጥነት እጅግ የተራራቀ ነው።

ስሌቱን በአንዲት ዘመዴ ላሳያችሁ። የተወለደችው ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ፣ እቤት ውስጥ ነው። እናቷ የሚያስታውሱት ይህን ብቻ ነበር፦ «ለኅዳር ጽዮን አጥቢያ፣ ዶሮ ሲጮህ፣ በ83 ዓ.ም.።»

1. ቀኑን አጥሩ

ቀኑ 21 ነው ወይስ 20? «አጥቢያ» ማለት ለበዓሉ የሚነጋው ሌሊት ነው። በእኛ አነጋገር ሌሊቱ ሁሉ አንድ ሌሊት ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ቀኑን ይቀይራል። ስለዚህ ያው ሌሊት ከ6 ሰዓት በፊት የተወለደ ልጅ ኅዳር 20፣ ከዚያ በኋላ የተወለደ ደግሞ ኅዳር 21 ሆኖ ይገባል። ዶሮ ሲጮህ ከ6 ሰዓት በኋላ ስለሆነ የእሷ ቀን 21 ነው።

የክርስትናው ቀን ጥሩ ማረጋገጫ ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ትጠመቃለች፤ የተወለዱበት ቀን ራሱ ይቆጠራል። ከገና፣ ማለትም ከታኅሣሥ 29፣ እስከ የካቲት 8 ስምዖን 40 ቀን የሚሞላው በዚሁ አቆጣጠር ነው። ከኅዳር 21 ብትነሱ 80ኛው ቀን የካቲት 10 ላይ ይውላል። ዘመዴ ክርስትና የተነሣችውም በዚሁ ቀን፣ በወርኃዊው መስቀል ነው።

ወደ ፈረንጅ ስትቀይሩ ኅዳር 21 ቀን 1983 እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 1990፣ ዓርብ ይሆናል። ጳጉሜን 6 በሆነች ማግሥት ባለው ዓመት ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ አንድ ቀን እንደሚገፋ አትርሱ። 21/3/1983 ብሎ እንዳለ የሚያስገባ ሰው ደግሞ ማርች 21 ቀን 1983 የተወለደ የሌላ ሰው ሰንጠረዥ ያገኛል። ፕሮግራሙ አያስጠነቅቅም።

2. ሰዓቱን ቀይሩ፣ ቦታውን በትክክል አስገቡ

ዶሮ የሚጮህበትን ለጊዜው ሌሊት 10 ሰዓት አካባቢ ብለን እንያዝ፤ ሌሊት 10 ሰዓት በፕሮግራሙ 04:00 ነው። እንዳለ 10:00 ብትሉት የዘመዴ ወጪ ኮከብ ጀዲ ሆኖ ይወጣል፤ ከእውነተኛው ጋር ምንም አይገናኝም። የሰዓት ቀጠናው ዩቲሲ+3 ነው።

ቦታው ላይ ብዙ ሰው በስንፍና አዲስ አበባን ይመርጣል። ይህን አልወደውም። ደብረ ማርቆስ በ10°20′ ሰሜን፣ 37°43′ ምሥራቅ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከእሷ አንድ ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ስለምትርቅ ስሌቱ በ4 ደቂቃ ይዛነፋል። የትውልድ ሰዓቱ ከሁለት ምልክቶች ድንበር ከራቀ አይጎዳም፤ እንደዚህኛው ድንበር ላይ ሲያርፍ ግን ይጎዳል።

3. መካከሉን ሳይሆን ዳርና ዳሩን አስሉ

የተለመደው አቋራጭ «አሥር ሰዓት አካባቢ» ከተባለ 10:00 አስገብቶ የወጣውን መቀበል ነው። እኔ ሁለት ሰንጠረዥ እሠራለሁ፦ አንዱን ሊሆን በሚችለው በመጀመሪያው ሰዓት፣ ሌላውን በመጨረሻው። ሁለቱ አንድ ወጪ ኮከብ ከሰጡ ምልክቱ ታውቋል፤ ከተለያዩ ገና ሥራ አለ።

ለዘመዴ ከሌሊቱ 9:30 እስከ 10:30 ያለውን ወሰድኩ። በ9:30 ወጪው ሚዛን 24 ዲግሪ ነው። በ10:30 ደግሞ አቅራብ 8 ዲግሪ ከግማሽ ገደማ። ድንበሩ 9:55 ላይ ነው። 10:00 ብሎ ያስገባ ሰው አቅራብ 1 ዲግሪ አገኘሁ ብሎ ይረካ ነበር፤ እናቲቱ በ10 ደቂቃ ከተሳሳቱ ግን ምልክቱ ሚዛን ነው።

የሚለወጠው ምን እንደሆነ ተመልከቱ። በዚያ ሌሊት ፀሐይ በቀውስ፣ ጨረቃ በሠውር ነበሩ፤ ይህ በአንድ ሰዓት ውስጥ አይነቃነቅም። ቤታቸው ግን ይዞራል። ወጪው ሚዛን ከሆነ ፀሐይ ሦስተኛው ቤት ትገባለች፤ ኮከብ ቆጣሪዎች የወንድምና የእህት፣ የቅርብ ጎረቤት ቤት የሚሉት ነው። ጨረቃ ደግሞ ስምንተኛው ቤት፣ የሞትና የውርስ ቤት ላይ ትወድቃለች። ወጪው አቅራብ ከሆነ ፀሐይ ወደ ሁለተኛው ወደ ሀብት ቤት፣ ጨረቃም ወደ ሰባተኛው ወደ ትዳር ቤት ይመጣሉ። የሰንጠረዡ ጌታ የሚባለው ፕላኔትም ከዝሁራ ወደ መሪሕ ይተላለፋል። አንዲት ሴት ስለ ትዳሯ የሚነገራት ነገር በእነዚህ ደቂቃዎች ላይ ተንጠልጥሏል።

ቤቶችን በዲግሪ በሚከፍለው ዘዴ የምትሠሩ ከሆነ የእያንዳንዱ ቤት መግቢያም አብሮ ይሸሻል። የአሥረኛው ቤት መግቢያ በ9:30 ሸርጣን 22 ላይ ነበር፤ በ10:30 ከአሰድ 6 ዲግሪ አልፏል። መግቢያው አጠገብ ያለ ፕላኔት በዚህ ሽሽት ቤት ይቀይራል።

4. ምስክር ፈልጉ

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። «ስንት ሰዓት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ። እናት ልጇን ላለማሳፈር አንድ ቁጥር ትሰጣለች፤ ቁጥሩም ከዚያ ወዲያ እንደ እውነት ይያዛል። በምትኩ በዙሪያው የነበረውን ጠይቁ፦ «እማዬ፣ ማን ነበር አጠገብሽ? አባዬ ማኅሌት ሄዶ ነበር? መብራት አብርታችሁ ነበር? ከወለድሽ ስንት ቆይቶ ነጋ?» ምጡ የጀመረበትንና ልጁ ያለቀሰበትን ለይታችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ በአእምሮ የሚቀረው ምጡ ነው፤ ለስሌቱ የሚያስፈልገው ግን የልጁ የመጀመሪያ ለቅሶ ነው። ዶሮውም ደጋግሞ ስለሚጮህ የመጀመሪያው ይሁን የኋለኛው ለዩ።

የዘመዴን ጉዳይ የፈታው ጨረቃ ነው። አክስቷ እንዲህ አሉ፦ «አዋላጇን ልጠራ ስሮጥ ጨረቃ ጠልቃ ድቅድቅ ነበር፤ ኩራዝ ይዤ ነው የሄድኩት።» ጨረቃ የምትጠልቅበት ሰዓት ደግሞ ይሰላል። ስቴላሪየም የሚባለውን ነፃ የሰማይ ፕሮግራም ክፈቱ፤ ቀኑንና ቦታውን አስገብታችሁ ሰዓቱን ወደፊት ግፉና ጨረቃ ምዕራብ አድማስን ስትነካ አቁሙ። በዚያ ሌሊት ጨረቃ ልትሞላ ሁለት ቀን ያህል ቀርቷት ስለነበር ብርሃኗ የሚረሳ አይደለም። የጠለቀችውም በ10:10 ገደማ ነው።

አክስቷ የወጡት ልጅቷ ከመወለዷ በፊት መሆኑ ወሳኝ ነው፤ ጨረቃ ጠልቃ ነበር ማለት ልደቱ ከዚያም በኋላ ነው። የወጡት ልደቱን ሊያበስሩ ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ጨረቃ ሳትጠልቅ ልትወለድ ትችል ስለነበር ምስክርነቱ ይላላ ነበር።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ጨረቃ በ4 ደቂቃ አንድ ዲግሪ ትወርዳለች፤ በምዕራብ በኩል አራት ዲግሪ የሚያህል ጉብታ ካለ ሩብ ሰዓት ቀድማ ትሰወራለች፤ ያ ደግሞ 9:55 አጠገብ ይመልሰናል። ስለዚህ ቤቱ የነበረበት ቦታ ድረስ ሄዳችሁ ምዕራቡን እዩ። የእነሱ ቤት በምዕራብ ሜዳ ነው፤ ቁጥቋጦ እንጂ ተራራ የለውም። ኅዳር በጎጃም ዝናብ የማይበዛበት ወር መሆኑም ይረዳል፤ በሐምሌ ጨለማ ከነበረ ደመናው ይሁን ጨረቃ መጥለቋ መለየት አይቻልም።

የኋለኛውን ዳር እናቲቱ ሰጡን፦ ወገግ ሳይል ነው የተወለደችው። የንጋት ጭላንጭል በዚያ ቀን ከ11:15 በኋላ ነው የሚጀምረው። እንግዲህ ልደቱ ከ10:10 እስከ 11:15 ባለው ውስጥ ነው። አቅራብ ደግሞ እስከ 12 ሰዓት ድረስ ስለሚወጣ ወጪ ኮከቧ አቅራብ ነው።

5. ያላወቃችሁትን አትጠቀሙበት

ምልክቱ ታወቀ እንጂ ዲግሪው አልታወቀም፤ ከአቅራብ 4 እስከ 19 የትኛውም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለእሷ የምጠቀመው ሙሉውን ምልክት እንደ አንድ ቤት የሚቆጥረውን ዘዴ ነው። በዲግሪ የሚከፈሉትን የቤት መግቢያዎች አልነካም። አንድ ዲግሪን እንደ አንድ ዓመት ቆጥሮ ዘመን የሚተነብየውንም ዘዴ እተዋለሁ፤ 15 ዲግሪ ሲዛነፍ ትንቢቱ 15 ዓመት ይዛነፋልና።

ሰዓቱን ከሕይወት ታሪክ ወደ ኋላ እናስላለን የሚሉ አሉ፦ ያገባችበትን፣ የታመመችበትን ዓመት ወስደው የሚገጥም ደቂቃ ይፈልጋሉ። በ65 ደቂቃ ውስጥ ለሁሉም ነገር የሚገጥም ደቂቃ ስለማይጠፋ አላምንበትም። «ቁጡ ስለሆነች አቅራብ ናት» የሚለውንም እንደ ማስረጃ አልቀበልም።

ሰንጠረዡን ስታስቀምጡ አንድ ሰዓት ብቻ አትጻፉ። በዘመዴ ሰንጠረዥ ራስጌ ላይ ያለው ይህ ነው፦ «ኅዳር 21 ቀን 1983፣ ሌሊት ከ10:10 እስከ 11:15፣ ደብረ ማርቆስ፤ የታችኛው ወሰን በጨረቃ መጥለቅ፣ የላይኛው በንጋት፤ ምስክሮች እናትና አክስት።» ነገ ሌላ ምስክር ቢገኝ የሚጠብበው በዚህ ላይ ተነስቶ ነው።